ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሃይሉ አንድ ሰው ሲሆኑ

የአንድ እድር ጸሐፊ የአባላቱን ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር በኤክሴል መዝግቦ ይዟል እንበል። ገንዘብ ያዡ ደግሞ ወርሃዊ መዋጮ በተከፈለ ቁጥር በራሱ ፋይል ላይ አንድ መስመር ይጨምራል። ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለቱ ዝርዝሮች ተዋህደው «ማን ከፈለ፣ ማን ውዝፍ አለበት» የሚለው በአንድ ሠንጠረዥ እንዲቀርብ ተወሰነ። ሠንጠረዡ ሲወጣ አቶ ኃይሉ ዓለሙ ዓመቱን ሙሉ አልከፈሉም ይላል። እሳቸው ግን ደረሰኞቻቸውን አንድም ሳይጎድል አስቀምጠዋል። ጥፋቱ ያለው ፊደሉ ላይ ነው፤ ጸሐፊው «ኃይሉ ዓለሙ» ብሎ ሲመዘግብ ገንዘብ ያዡ «ሀይሉ አለሙ» ብሎ ጽፏል።

ለእኛ ሁለቱም አንድ ንባብ ናቸው። ኮምፒውተር ግን ድምፅ አይሰማም፤ እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በተሰጠው መለያ ቁጥር ነው። «ሰ» በዩኒኮድ `U+1230` ስትሆን «ሠ» ደግሞ `U+1220` ናት። ስለዚህ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ለማሽኑ «በ» እና «ተ» የሚለያዩትን ያህል የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። የ«ሀ» ቤት ከሁሉም ይብሳል፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ በአማርኛ ንባብ አንድ ሲሆኑ በማሽኑ ዘንድ ስድስት ናቸው። በዚህ ላይ ከስሙ ኋላ ሳይታወቅ የተመታ ባዶ ቦታ ይጨመራል። ዓይን አያየውም፤ ማሽኑ ግን እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል።

መፍትሔው የሰዎቹን ስም ማረም አይደለም። «ኃይሉ» ትክክል ነው ወይስ «ሀይሉ» የሚለው ክርክር የእድሩ ጉዳይ አይደለም፤ ስሙም የባለቤቱ ነው። ዋናው ስም እንዳለ ይቀመጥና ከጎኑ ለማመሳከሪያ ብቻ የሚያገለግል አዲስ ዓምድ ይከፈት። በዚያ ዓምድ ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ሁሉ ወደ አንድ ይመለሳሉ። ስሙ `B2` ላይ ቢሆን ለአቶ ኃይሉ ይህ ይበቃል፦

```
=TRIM(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(B2,"ኃ","ሀ"),"ሃ","ሀ"),"ዓ","አ"))
```

`SUBSTITUTE` ፊደል ይተካል፤ `TRIM` ትርፍ ባዶ ቦታን ያስወግዳል። «ኃይሉ ዓለሙ» በዚህ ቀመር ሲያልፍ «ሀይሉ አለሙ» ሆኖ ይወጣል። ለሁሉም ፊደል እንዲህ ያለ ቀመር መደርደር ግን አድካሚ ስለሆነ የስሙን ዓምድ ገልብጦ በግልባጩ ላይ `Ctrl+H` እየተጫኑ መተካት ይቀላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ሠ»ን በ«ሰ» የተካ ሰው «ሣህሉ»ንም «ሥላሴ»ንም አልነካም፤ ሰባቱም የፊደሉ ቅርጾች አንድ በአንድ መተካት አለባቸው።

አሕጽሮተ ቃል ሌላው ወጥመድ ነው። «ገ/ማርያም»፣ «ገብረ ማርያም» እና «ገብረማርያም» አንድ ስም ስለሆኑ «ገ/» ወደ «ገብረ» ይፈታል፤ መካከሉ ላይ ያለው ክፍተትም ይዘጋል። «ወ/»ን በ«ወልደ» ከመተካት በፊት ግን ማዕረጎችን ማንሳት ያስፈልጋል። አለዚያ «ወ/ሮ አልማዝ» «ወልደሮ አልማዝ» ሆነው ይወጣሉ። «ሰለሞን» እና «ሰሎሞን» ደግሞ በፊደል ምትክ የሚፈቱ አይደሉም፤ እነዚህን ዓይን ነው የሚያገኛቸው። ዓምዱን በፊደል ተራ ማስደርደር ይረዳል፤ ተቀራራቢ ስሞች በአብዛኛው ጎረቤት ሆነው ይመጣሉ።

ስም ብቻውን ስለማይበቃ ስልክም ይስተካከል። አንዱ በ09፣ ሌላው በ+251 ይጀምራል፤ ኤክሴል ደግሞ ቁጥር መስሎት የፊቱን ዜሮ ይውጣል። ሦስቱም የሚጋሩት የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ነው፦

```
=RIGHT(SUBSTITUTE(C2," ",""),9)
```

ድግግሞሽ የሚፈለገው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቀድሞ የፈለገ ሰው በተለያየ ፊደል የተደበቁትን አያገኛቸውም። ማመሳከሪያው ስም `H` ዓምድ ላይ ከሆነ `=COUNTIF(H:H,H2)` የሚለው ቀመር ስሙ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ይነግራል። ከ1 በላይ የሆነው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው፤ ተጠርጣሪ ማለት ግን ወዲያው የሚሰረዝ ማለት አይደለም። የአባላቱ መዝገብ 186 መስመር ነበረው፣ 9 ጥንዶችም ተገኙ እንበል። ስልካቸውና የቤት ቁጥራቸው ሲታይ 7ቱ ጥንዶች ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ አባላት ናቸው፤ 2ቱ ግን በእርግጥ ሞክሼዎች ናቸው፤ ቤታቸው ሌላ፣ ስልካቸውም ሌላ። ስልክ ብቻ ቢታይም ያሳስታል፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በአንድ ስልክ ይመዘገባሉ። ኤክሴል ውስጥ `Remove Duplicates` የሚባለው ቁልፍ ይህን ሁሉ አያገናዝብም፤ በተመረጡት ዓምዶች አንድ የሆኑትን አይቶ የላይኛውን መስመር ያስቀራል፣ የታችኛውን ይጥላል። የተጣለው መስመር አዲሱን ስልክ የያዘው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁለቱ መስመሮች የሚጠቅመው መረጃ ወደ አንዱ ይሰብሰብና ከዚያ በኋላ ትርፉ ይሰረዝ። በምሳሌያችን 179 አባላት ይቀራሉ።

በመዋጮው ዝርዝር ላይ ግን «ድግግሞሽ» የሚለው ነገር ይለወጣል። የአባላቱ መዝገብ አንድ መስመር አንድ አባል ነው፤ የመዋጮው አንድ መስመር አንድ ክፍያ ነው። አንድ ስም በዓመት 12 ጊዜ ቢገኝ ትክክል ነው። የሁለት ወር ውዝፉን በአንድ ቀን የከፈለ አባል ሁለት ተመሳሳይ መስመሮች ይኖሩታል፤ እነዚያም ትክክል ናቸው። ስህተት የሚሆነው አንድ የደረሰኝ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የሚቆጠረው ስም ሳይሆን የደረሰኝ ቁጥር ነው። የወሮቹንም ስም ማየት ያሻል፤ «ኅዳር»፣ «ህዳር» እና «ሕዳር» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ማጠቃለያው ላይ ሦስት ወር ሆኖ ይወጣል።

የአባላቱ ድግግሞሽ ሳይጠራ ሁለቱ ቢዋሃዱ ምን ይሆናል? መልሱ ድግግሞሹ ምን ዓይነት እንደሆነ ይወሰናል። ፊደሉ የተለያየ ከሆነ አንዱ መስመር ክፍያ ያገኛል፣ ሌላው ባዶውን ቀርቶ ባለ ውዝፍ ይመስላል። ፊደሉ አንድ ከሆነ ደግሞ በ`Power Query` ወይም በዳታቤዝ ሲዋሃድ እያንዳንዱ ክፍያ ከሁለቱም መስመር ጋር ይጣመራል። መዋጮው በወር 100 ብር፣ 179ኙም ሙሉ ዓመት የከፈሉ ቢሆን ትክክለኛው ድምር 214,800 ብር ነው። 7ቱ አባላት እንደተደገሙ ከቀሩ ሠንጠረዡ 223,200 ብር ያሳያል። በካዝና የሌለ 8,400 ብር በወረቀት ላይ ተገኘ ማለት ነው፤ ገንዘብ ያዡንም ለሐሜት ያጋልጣል።

ይህን ለማወቅ ትልቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ከመዋሃዱ በፊት የመዋጮው መስመሮች ስንት እንደሆኑና ድምራቸው ስንት እንደሆነ ይጻፍ፤ በምሳሌያችን 2,148 መስመርና 214,800 ብር። ከተዋሃደ በኋላም ሁለቱ ቁጥሮች ሳይለወጡ መገኘት አለባቸው። መስመር ከጨመረ በአባላቱ መዝገብ ውስጥ ያልተጠራ ድግግሞሽ አለ። ባለቤት ያላገኘ ክፍያ ካለ ደግሞ ገና ያልተስተካከለ ስም አለ ማለት ነው፤ እነዚህ ክፍያዎች ለብቻቸው ይውጡና እየተጠየቀ ይጣራ። «ሌሎች» ተብለው አንድ ላይ መጠቅለል የለባቸውም።

ዝርዝሩ አንዴ ከጠራ በኋላ ለእያንዳንዱ አባል የማይለወጥ የአባልነት ቁጥር ይሰጠው፤ ገንዘብ ያዡም ያንን ቁጥር በየደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የሚቀጥለው ዓመት ማዋሃድ በቁጥሩ ይሁን፤ ስሙን ሰው እንደ ፈለገው ይጻፈው።