ግማሹን የሚሸከመው ሩብ

አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ስፋት ያለው ስስ፣ ልሙጥ ሰሌዳ በነፋሱ አቅጣጫ ተዘርግቷል እንበል። አየሩ በሴኮንድ 5 ሜትር እየፈሰሰ የላይኛውን ገጽ በሰበቃ ይጎትታል። ጉተታው በገጹ ሁሉ እኩል የሚዳረስ ይመስላል፤ ነገር ግን የፊተኛው ሩብ ብቻውን ግማሹን ይሸከማል።

ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል በ1904 ሃይደልበርግ ላይ ምክንያቱን አስረዳ። ገጹን የነካው አየር ተጣብቆ ይቆማል፤ ከበላዩ ያለውም በእሱ ይያዛል። መዘግየቱ ግን ከገጹ አጠገብ ባለች ስስ ንብርብር ውስጥ ይወሰናል። ከፊት ጠርዝ በራቅን ቁጥር የዘገየው አየር እየበዛ ንብርብሯ ትወፍራለች። ሰበቃው የሚለካው ፍጥነቱ ከገጹ ተነስቶ ምን ያህል በችኮላ እንደሚያድግ ነውና፣ ንብርብሯ ስትወፍር ሰበቃው ይላላል።

ተማሪው ብላሲየስ በ1908 ይህን በቁጥር አስቀመጠው። በመጀመሪያ ፍጥነቱን ከፊት ጠርዝ ባለው ርቀት አባዝተን ለአየሩ ኪነማቲክ ቪስኮሲቲ (0.000015 ሜትር ካሬ በሴኮንድ) እናካፍላለን፤ ይህ የሬይኖልድስ ቁጥር ነው። ከዚያ፦

δ = 5x/√Re
τ = 0.332ρU²/√Re

δ ውፍረቱ፣ τ ደግሞ በገጹ ላይ ያለው ሰበቃ ነው። ንብርብሯ የምታልቅበት ስለታም መስመር ስለሌለ፣ ፍጥነቱ የነፋሱን 99 በመቶ የሚደርስበት ከፍታ እንደ ውፍረት ይቆጠራል።

በሰሌዳው መጨረሻ Re 333,000 ያህል ነው፤ ውፍረቱ 8.7 ሚሊሜትር፣ ሰበቃው 0.017 ፓስካል ይሆናል። በ25 ሴንቲሜትር ላይ ውፍረቱ ግማሽ፣ 4.3 ሚሊሜትር ነው፤ ሰበቃው ግን እጥፍ፣ 0.035 ፓስካል። ሁሉም ተደምሮ ጉተታው 0.035 ኒውተን፣ ማለትም የሦስት ግራም ተኩል ክብደት ያህል ነው። ድምሩ በርቀቱ ስኩዌር ሩት ስለሚያድግ፣ ርቀቱ ሩብ ሲሆን ድምሩ ግማሽ ላይ ይደርሳል።

እነዚህ ቁጥሮች የባሕር ጠለል አየር ናቸው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ በዚያው ነፋስ የመጨረሻው ውፍረት ወደ 10 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፤ ሰበቃው ደግሞ በ13 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ቀመሩ በሁለት ቦታ ያሳስታል። አንዱ የፊት ጠርዙ ራሱ ነው፤ እዚያ ሰበቃው መጨረሻ የለውም ይላል፣ ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም። ቀመሩ የተመሠረተው ንብርብሯ ከርቀቱ አንጻር ስስ ናት በሚል ግምት ሲሆን፣ ከጠርዙ በ0.1 ሚሊሜትር ላይ ውፍረቱ ከርቀቱ ጋር ሊተካከል ይቀርባል። ደግነቱ ይህ ቦታ ትንሽ ስለሆነ ድምሩን እምብዛም አያዛባውም።

ሁለተኛው የከፋ ነው። Re ወደ 500,000 ሲጠጋ፣ በእኛ ነፋስ 1.5 ሜትር ላይ፣ ሥርዓት ይዞ የሚንሸራተተው ፍሰት ብዙውን ጊዜ ይታወካል፤ ገጹ ሻካራ ወይም ነፋሱ የሚናወጥ ከሆነ ደግሞ ቀደም ብሎ። በነፋስ ዋሻ የሚሠሩ ባለሙያዎች ቀጭን ቱቦ ከሐኪም ማዳመጫ ጋር አያይዘው ገጹን እየዳሰሱ ያዳምጣሉ፤ ጸጥታው ወደ መንጫጫት የሚለወጥበት ቦታ ሽግግሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰበቃው እንደ ቀድሞው መላላቱን ትቶ በድንገት ይጨምራል፤ የብላሲየስ ቀመር ግን እያሳነሰ መገመቱን ይቀጥላል።