ዝናቡ በጀርባ በኩል ይገባል

በሰሜን ተራሮች ከሰንቀበር ወደ ጊች የሚወስደው የእግር መንገድ ግማሽ ቀን ያህል ይፈጃል። መነሻው ከባሕር ጠለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ፣ መድረሻው ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመካከሉ ጅንባር ወንዝን መሻገር አለ። በነሐሴ እዚህ መንገድ ላይ ዝናብ ከላይ ብቻ አይወርድም። ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሣል፣ ወጨፎው ከጎን ይመታል፣ አንዳንዴም በረዶ ይቀላቀልበታል። ጊች ደርሶ ድንኳን የሚተክል ሰው ስሊፒንግ ባጉና ቅያሪ ልብሱ ከራሱ፣ በዚያ ከፍታ ሌሊቱን የሚያሞቀው ነገር የለውም። ስለዚህ ቦርሳ የሚያዘጋጅ ሁሉ አንድ ምርጫ ይገጥመዋል፦ ቦርሳውን ከውጭ በዝናብ ሽፋን ማልበስ ወይስ ዕቃውን ከውስጥ ውኃ በማያስገባ ከረጢት መያዝ?

የዝናብ ሽፋኑ ዙሪያው ላስቲክ ያለው ቀጭን ጨርቅ ነው፤ በቦርሳው ላይ ይጠለቅና ላስቲኩ ጫፎቹን ይሰበስባል። ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የሚመጣውን ዝናብ ይመልሳል። ክፍት የሚተወው ግን ከተሸካሚው ጀርባ ጋር የሚገናኘውን ወገን ነው፤ ማንገቻዎቹ በዚያ በኩል መውጣት ስላለባቸው ሊዘጋው አይችልም። ውኃው መንገድ የሚያገኘውም እዚሁ ላይ ነው። ከጃኬቱ ኮፍያ የሚወርደው ዝናብ በአንገትና በትከሻ በኩል አልፎ በጀርባና በቦርሳው መካከል ቁልቁል ይፈስሳል። የጀርባው ስፖንጅና የማንገቻዎቹ መጋጠሚያ ውኃውን ይጠጡታል፤ ከዚያ በስፌቱ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰዓት ካፊያ ይህን ላያሳይ ይችላል። ሦስት ሰዓት ወጨፎ ግን ያሳያል፤ ከፊት ደረቅ የሆነው ቦርሳ ሲከፈት በጀርባው በኩል የተቀመጠው ልብስ እርጥብ ሆኖ ይገኛል።

ሌላም ጣጣ አለ። ወደ ውስጥ የገባው ውኃ በሽፋኑ ሥር ይጠራቀማል፤ ከታች ማፍሰሻ ቀዳዳ ከሌለው ቦርሳው ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ይጓዛል። ገደል አፋፍ ላይ ነፋስ ሽፋኑን ገልቦ ሊወስደው ይችላል፤ ቁጥቋጦም ይቀደዋል። ወንዝ ሲሻገሩ ቢወድቁ ደግሞ ሽፋኑ ምንም አያግዝም።

የውስጥ ከረጢቱ ነገሩን ከሌላ ወገን ያየዋል፦ ቦርሳው ይራስ፣ ዕቃው አይራስ። ትልቅና ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ባዶው ቦርሳ ውስጥ ይዘረጋል፣ ዕቃው በሙሉ በእርሱ ውስጥ ይደረደራል፣ አፉ ከላይ ይዘጋል። 50 ሊትር ለሚይዝ ቦርሳ ከ70 እስከ 80 ሊትር የሚይዝ ከረጢት ይበቃል፤ ትርፉ አፉን ለመጠምዘዝ ያስፈልጋል። ቀጭኑ የቆሻሻ ፌስታል በመጀመሪያው ቀን ስለሚቀደድ ወፍራሙን መምረጥ፣ ካልተገኘ ሁለት ደራርቦ መጠቀም ይሻላል። ቀለሙ ነጣ ያለ ከሆነ ውስጡን ለማየት ይመቻል። አዘጋጉ ላይ ችኮላ አያዋጣም፦ መጀመሪያ አየሩን በእጅ ተጭኖ ማስወጣት፣ ከዚያ አፉን አጥብቆ መጠምዘዝ፣ የተጠመዘዘውንም አጥፎ ወደ ጎን መወሸቅ። ጠበቅ ተደርጎ የተቋጠረ ከረጢት በእርጥብና በቀዘቀዘ ጣት አይፈታም።

የከረጢቱ ድክመት ሌላ ቦታ ነው። የውጭ ኪሶችን አይጠብቅም። የቦርሳው ጨርቅ ውኃ ሲጠጣ ሸክሙ ይከብዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከረጢቱ የሚከላከለው ተዘግቶ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ በዶፍ መካከል ሻርፕ ፍለጋ የከፈተው ሰው ዝናቡን በገዛ እጁ ይጋብዘዋል። እርጥብ ጃኬት ወይም የሚያንጠባጥብ የውኃ ኮዳ ውስጡ ከተጨመረም ውኃውን እንዳይወጣ ይይዘዋል፤ ከውጭ የማያስገባ ነገር ከውስጥም አያስወጣምና።

ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መያዝ የሚቻል ከሆነ ለረጅም የክረምት መንገድ ከረጢቱ ይመረጣል። ሁለቱም ካሉ ደግሞ ሽፋኑ ቦርሳውን ከክብደት፣ ከረጢቱ ዕቃውን ከእርጥበት ይጠብቃሉ። ሽፋኑ ብቻውን የሚበቃው መንገዱ አጭር ሲሆን ነው፤ ከታክሲ ወርዶ ቢሮ እስኪገባ ድረስ ለሚራመድ የከተማ ሰው፣ ላፕቶፑ በራሱ መያዣ ውስጥ ካለ፣ ሽፋን በቂ ነው። ሻንጣው በበቅሎ የሚጫን ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የመጫኛው ገመድ ሽፋኑን እየፈተገ ይቀደዋል፤ እዚያ ከረጢቱን ከውስጥ አድርጎ ቦርሳውን በሙሉ ማዳበሪያ ውስጥ መክተት ያዋጣል። ማዳበሪያው ውኃ አይከለክልም፤ የሚያድነው ከገመዱ ነው።

ከረጢቱ ሲከፈት አደጋ ስላለው፣ አስተሻሸጉን የሚወስነው ጥያቄ «ይህን ዕቃ መቼ እፈልገዋለሁ?» የሚለው ነው። ለጊቹ መንገድ እንዲህ ይሆናል። ማታ ብቻ የሚፈለገው ስሊፒንግ ባግ ከታች ይገባል። የላባ ከሆነ ሲርስ ላባው ተጣብቆ ሙቀት መያዝ ስለሚያቆም፣ ከረጢቱ ውስጥም ቢሆን አፉ የሚጠቀለል የራሱ መያዣ ያስፈልገዋል። ይህ መያዣ እስከ አፉ መሞላት የለበትም፤ አየሩ ወጥቶ አፉ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ካልተጠቀለለ ውኃ ያሳልፋል። በላዩ የሌሊት ልብስና ካልሲ ይደረጋሉ፤ እነዚህ ቀን ምንም ቢመጣ አይነኩም። ፓወር ባንክ፣ ፓስፖርትና መድኃኒት በየራሳቸው ባለ ዚፕ ፕላስቲክ ሆነው በከረጢቱ የላይኛው ክፍል ይቀመጣሉ። ከዚያ ከረጢቱ ይዘጋና ማታ ድንኳን ውስጥ እስኪገባ አይከፈትም። በመንገድ ላይ የሚፈለገው ሁሉ፣ ማለትም የዝናብ ጃኬት፣ ምሳና ውኃ፣ ከከረጢቱ ውጭ፣ ከላይና በኪሶቹ ይሆናል።

ስልክ ቀን ስለሚፈለግ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው፤ በባለ ዚፕ ፕላስቲክ ተደርጎ በጃኬት የውስጥ ኪስ ይያዛል። «IP67» የሚል ደረጃ ያለው ስልክ በንጹሕና በረጋ ውኃ፣ በአንድ ሜትር ጥልቀት፣ ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ነው። ይህ የተፈተነው ግን በአዲስ ስልክ ነው፤ ወድቆ የተሰነጠቀ ወይም ለጥገና ተከፍቶ የተዘጋ ስልክ ያንን ዋስትና ይዞ አይቀጥልም። ዝናብ ያገኘው ስልክ የቻርጀር ቀዳዳው እስኪደርቅ ድረስ ቻርጅ መደረግ የለበትም።

እነዚህን ሁሉ ከቤት ሳይወጡ መፈተን ይቻላል። ባለ ዚፑን ፕላስቲክ አየር ሞልቶ ዘግቶ መጫን ነው፤ ቀስ እያለ ከሟሸሸ ወይ ዚፑ ውስጥ ፍርፋሪ ገብቷል፣ ወይ ጥጉ ተቀዷል። ትልቁን ከረጢት ገልብጦ በፀሐይ አንጻር መያዝ መርፌ ያህል ቀዳዳ እንኳ ያሳያል፤ ጥሩ ፕላስተር ከሁለቱም ወገን ከተለጠፈበት ለጉዞው ይበቃል። ሽፋኑን ለመፈተን ቦርሳውን ጋዜጣ ሞልቶ፣ አንድ ሰው አዝሎት፣ ከትከሻው በላይ ለ10 ደቂቃ ውኃ ማርከፍከፍ ነው። ከዚያ የትኛው ወገን ያለው ጋዜጣ እንደራሰ አውጥቶ ማየት ይበቃል። የጀርባው በኩል ከሆነ ሽፋኑ አልተበላሸም፤ ሥራው እዚያ ድረስ ብቻ ነው፣ የቀረውን ከረጢቱ ይሠራል።