በጠራራ ፀሐይ የሚሰንፍ ሶላር

100 ዋት ተብሎ የተገዛ ፓኔል በጠራራ ፀሐይ 70 ዋት ሲሰጥ ብዙ ሰው ሻጩን ይረግማል። ሻጩ ግን ላይዋሽ ይችላል። ቁጥሩ የተለካው ፓኔሉ 25 ዲግሪ ላይ እያለ፣ በ18 ቮልት ገደማ 5.5 አምፔር ሲሰጥ ነው። ቆርቆሮ ላይ የተሰቀለ ፓኔል ከ50 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ሲግል ቮልቱ ይወርዳል። ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሹ ቻርጅ ኮንትሮለር ደግሞ ፓኔሉን ወደ ባትሪው 13 ቮልት ይጎትተዋል። 13 በ5.5 ሲባዛ 72 ዋት ያህል ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። ባትሪው ሲሞላም ኮንትሮለሩ ራሱ ኃይሉን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ምርመራው ባትሪው ጎድሎ ሳለ ይሁን።

ኃይሉ ወደ 20 ዋት ከወረደ ግን ቴስተር ማንሳት ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጥላ ነው። እንዲህ ባለው ፓኔል ውስጥ 36 ሴሎች በሰልፍ ተያይዘዋል፤ አንዱ ሲጋረድ የሁሉም አምፔር ይታፈናል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ጥላ ወይም የወፍ ኩስ ይበቃል። አሳሳቹ ነገር፣ ገመዱ ተነቅሎ ቮልቱ ብቻ ሲለካ ፓኔሉ ጤነኛ መምሰሉ ነው። ጥላን የሚያጋልጠው ሰዓት ነው፦ አምፔሩ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ወርዶ ተመልሶ ይወጣል።

የላላ ማገናኛ ሰዓት አይመርጥም። ኃይል እየሄደ ሳለ በፓኔሉ ጫፍና በኮንትሮለሩ መግቢያ ቮልት ይለካ። በላይ 20፣ በታች 13 ከሆነ 7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። 3 አምፔር እያለፈ ከሆነ 21 ዋት ከአውራ ጣት በማትበልጥ ፕላስቲክ ውስጥ ሙቀት ይሆናል ማለት ነው። በፒደብሊውኤም ደግሞ ፓኔሉ ትርፍ ቮልት ስላለው ልዩነቱ 3 ቮልት ቢደርስ እንኳ አምፔሩ ላይቀንስ ይችላል። ማገናኛው ኃይሉ ከመውረዱ በፊት ይነድዳል። ቡናማ የሆነ ወይም የለሰለሰ ፕላስቲክ ከታየ መለወጥ ነው። በተራ ፒንሳ የተጨመቀ ወይም ከሌላ ዓይነት ጋር በግድ የተጋጠመ ማገናኛ የተለመደ ጥፋተኛ ነው።

ኮንትሮለሩ ሲበላሽ ምልክቱ ይለያል። ባትሪው 12.3 ላይ ጎድሎ ሳለ የፓኔሉ መግቢያ 20 ወይም 21 ቮልት ካሳየና አምፔሩ ዜሮ ከሆነ፣ ኮንትሮለሩ ኃይሉን እየወሰደ አይደለም። ያም ሆኖ ለመፍረድ አይቸኮል። የባትሪው ገመድ ወይም ፊውዝ ከላላ፣ ኮንትሮለሩ 14.4 አንብቦ ባትሪው የሞላ ይመስለዋል፤ በባትሪው ምሰሶ ላይ ሲለካ ግን 12.6 ነው።

ማገናኛ ከመንቀልዎ በፊት ፓኔሉን በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ሲፈቱ የፓኔሉን ገመድ አስቀድሙ፣ የባትሪውን አስከትሉ። አዲስ ኮንትሮለር ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊትም ባትሪው ምሰሶ ላይ አንድ ጊዜ ይለኩ።