ስምንት ገጽ በሁለት ወረቀት

መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ባለ 8 ገጽ ቡክሌት ለማተም 2 የኤ4 ወረቀት ይበቃል። የሚያስቸግረው የገጾቹ አሰላለፍ ነው። የውጨኛው ወረቀት በአንድ ፊቱ በግራ 8ን፣ በቀኝ 1ን ይይዛል፤ በጀርባው 2 እና 7 ይሰፍራሉ። በውስጠኛው ወረቀት በአንድ በኩል 6 እና 3፣ በሌላው 4 እና 5 ይወጣሉ። ጎን ለጎን ያሉት ገጾች ሁልጊዜ ሲደመሩ 9 ይመጣሉ፤ ካልመጡ አንዱ ቦታውን ስቷል። የጽሑፉ ገጽ ብዛት ለ4 የማይካፈል ከሆነ ባዶ ገጽ ይጨመርበታል፤ ባዶውን ከኋላ ሽፋን ውስጠኛ ፊት ላይ ማዋሉን እመርጣለሁ።

ብዙ ወረቀት የሚበላሸው ግን በአገላበጡ ነው። በፕሪንተሩ ምርጫ ላይ `Flip on short edge` የሚለውን ያዙ። `Flip on long edge` ከተመረጠ የጀርባው ጽሑፍ ተዘቅዝቆ ይወጣል፤ ይህም ወረቀቱን አጥፋችሁ ስትገልጡት ወዲያው ይታያል። ስለዚህ ሁሉንም ቅጂ ከማዘዛችሁ በፊት አንዱን ብቻ አትማችሁ እጠፉት።