ከዜሮ መለየት ብቻ አይበቃም፦ የፍላጎት ግምትን የሪግሬሽን ውጤት ማንበብ

የአንድ ምርት ፍላጎት በሪግሬሽን ሲገመት፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ፒ-ቫልዩ ነው። ይህ ቁጥር ግን የሚመለከተው ኮኤፊሸንቱ ከዜሮ መለየት አለመለየቱን ብቻ ነው። የዋጋ ውሳኔ የሚጠይቀው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

ለማሳያ ያህል፣ አንድ የታሸገ ውሃ አምራች ዋጋ ቢጨምር የሽያጭ ገቢው ያድግ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል እንበል። የ60 ወራት የሽያጭ መጠን ሎጋሪዝም በዋጋና በሸማቾች ገቢ ሎጋሪዝም ተገምቶ፣ የዋጋው መስመር በስታታ እንዲህ ወጥቷል፦

```
ln_q | Coef.  Std. Err.    t    P>|t|  [95% Conf. Interval]
ln_p | -.82     .21      -3.90  0.000    -1.24    -.40
```

መጠኑም ዋጋውም በሎጋሪዝም ስለተለኩ፣ ኮኤፊሸንቱ የፍላጎት የዋጋ ኢላስቲሲቲ ነው፤ ዋጋ በ1 በመቶ ሲጨምር ሽያጩ በ0.82 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቲ-ስታቲስቲኩ ኮኤፊሸንቱ ለመደበኛ ስህተቱ ተካፍሎ የተገኘ ነው። ፒ-ቫልዩው 0.000 ተብሎ መታተሙ ከ0.0005 ያነሰ መሆኑን እንጂ ዜሮ መሆኑን አያመለክትም። ትርጉሙም እውነተኛው ኢላስቲሲቲ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ከዜሮ የራቀ ቲ-ስታቲስቲክ ማግኘት እጅግ ብርቅ ይሆን ነበር ማለት ነው።

ለአምራቹ ግን ወሳኙ ድንበር ዜሮ ሳይሆን −1 ነው። ኢላስቲሲቲው ከ−1 እስከ ዜሮ ባለው ውስጥ ከሆነ የዋጋ ጭማሪ ገቢን ያሳድጋል፤ ከ−1 በታች ከወረደ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ፈተናው በ−1 ላይ መደረግ አለበት፦

```
test ln_p = -1
```

በእጅ ሲሰላ፣ በ−0.82 እና በ−1 መካከል ያለው ልዩነት 0.18 ነው። ይህ ለ0.21 ሲካፈል 0.86 ይሆናል፤ ፒ-ቫልዩውም 0.4 ገደማ ነው። ከዜሮ በግልጽ የተለየው ግምት ከ−1 መለየቱ አልተረጋገጠም።

የመተማመኛ ክልሉ ይህንኑ ያለ ተጨማሪ ፈተና ያሳያል፤ −1 በውስጡ ይገኛልና። ዋጋው በ10 በመቶ ቢጨምር፣ በአንደኛው ዳር (−0.40) ገቢው በ6 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ በሌላኛው (−1.24) ከ2 በመቶ በላይ ይወርዳል። 95 በመቶ የሚለውም የዘዴው መለኪያ ነው፦ ናሙናው በተደጋጋሚ ቢወሰድ ከሚሰሩት ክልሎች 95 በመቶ ያህሉ እውነተኛውን ዋጋ ይይዛሉ። ይህ የተለየ ክልል እውነተኛውን ዋጋ የመያዙ ዕድል 95 በመቶ ነው ማለት ግን አይደለም።

ክልሉ የናሙናን መዋዠቅ እንጂ የሞዴሉን ስህተት አይለካም። አምራቹ ሙቀት በሚበረታበትና ውሃ በሚፈለግበት ወቅት ዋጋ የሚጨምር ከሆነ፣ ወቅቱም በሞዴሉ ካልገባ፣ ዋጋና ፍላጎት አብረው ስለሚነሱ ግምቱ ወደ ዜሮ ይገፋል። ያኔ እውነተኛው ኢላስቲሲቲ ከ−0.82 ይልቅ ወደ −1 የቀረበ፣ ምናልባትም ያለፈው ሊሆን ይችላል። መደበኛ ስህተቱ ቢያንስም ይህ አይታረምም፤ የተዛባው ግምት በጠባብ ክልል ተከብቦ ይበልጥ የተረጋገጠ ይመስላል እንጂ።