ገብስ ነው ወይስ ሲናር? ከመርጨትዎ በፊት ፎቶው ምን ማሳየት አለበት

ባሌ ውስጥ በሬ የሚያደልቡ አንድ አንባቢ በኪራይ መሬት ላይ ገብስ ዘርተዋል፤ እህሉ ለገበያ፣ ጭዱ ለከብቶቻቸው። ከበቀለ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ከማሳው ዳር ቆመው ፎቶ አንስተው ላኩልን። ጥያቄያቸው አጭር ነው፦ «ሲናር ወርሮታል፤ ቶፒክ ልርጭ?»

ፎቶው ላይ የሚታየው ግን አረንጓዴ ሣር ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃና ሲናር ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሰው ቆሞ ካነሳው ፎቶ ለየሁ የሚል ካለ እየገመተ ነው። መድኃኒቱን በተመለከተ ግን ፎቶም ሳያስፈልግ መልስ አለ። ቶፒክ ውስጥ ያለው ክሎዲናፎፕ የተዘጋጀው ለስንዴ ነው፤ በስንዴ ውስጥ ያለውን ሲናር ይገድላል፣ ገብስን ግን ይጎዳል። ለገብስም ለስንዴም የሚሆኑት ፒኖክሳደን ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነበበው የመድኃኒቱ ጽሑፍ ነው።

ቡቃያውን የሚለየው ቦታ ቅጠሉ ከአገዳው ተለይቶ ወደ ውጭ የሚታጠፍበት አንገት ነው። ገብስ እዚያ ላይ አገዳውን ከሁለት ወገን የሚያቅፉ፣ ጫፋቸው የሚደራረብ ረጃጅም ጆሮዎች አሉት፤ ፀጉር የላቸውም። የስንዴ ጆሮ አጠር ያለ ሲሆን ጫፉ ላይ ፀጉር አለው። ሲናር ጆሮ የለውም። በአንገቱ ውስጠኛ በኩል ነጭ ስስ ሽፋን ብቻ ይታያል። ቡቃያው አንድ ቅጠል ብቻ ሲኖረው ይህን ማየት ስለሚያስቸግር ሁለት ሦስት ቅጠል እስኪያወጣ ይጠብቁ።

ፎቶውን ለማንሳት ቡቃያውን ከነሥሩ በመኮትኮቻ ያውጡ፤ ጎትተው ከነቀሉት ዘሩ አፈር ውስጥ ይቀራል። በውሃ ያለቅልቁትና ጥቁር ፌስታል ላይ ያጋድሙት። ቅጠሉን በጣትዎ ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው አንገቱን ብቻ ከቅርብ ያንሱ፤ ጥላ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ የቀትር ፀሐይ ነጩን ሽፋን ያጠፋዋል። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከሄደ ይጨመቅና ጆሮው ይደበዝዛል።

አንዳንዶች በቅጠሉ ጥምዝ ይለያሉ። ከላይ ወደ ታች ሲያዩት የስንዴና የገብስ ቅጠል እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፣ የሲናር ወደ ግራ። ጥሩ ምልክት ነው። ነገር ግን በስልኩ የፊት ካሜራ የተነሳ ፎቶ ብዙ ጊዜ እንደ መስታወት ስለሚገለበጥ ገብሱን ሲናር ያደርገዋል። በኋላ ካሜራ ያንሱ።

አንባቢያችን በሁለተኛው ጊዜ ከማሳው የተለያየ ቦታ አሥር ቡቃያ አውጥተው ላኩ። ስድስቱ የሚደራረብ ጆሮ ያላቸው ገብስ ናቸው። አራቱ ጆሮ የላቸውም፤ ጆሮ አለመኖር ብቻውን ግን አይበቃም፣ ሌላ ሣርም ሊሆን ይችላልና። እርግጡን የነገረን ሥራቸው ላይ የቀረው ዘር ነው፦ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ፀጉራም ገለባ፣ ከሥሩ ክብ አፍ የመሰለ ጠባሳ ያለው። ይህ ሲናር ነው። ሲናር ከጥልቅም ስለሚበቅል፣ ከአፈር በታች ያለው ነጭ ክፍሉ ከገብሱ ረዝሞ ታይቷል። አራቱም የወጡት ከማሳው የታችኛው ጥግ፣ ከቦዩ አጠገብ ነው። ስለዚህ ሙሉ ማሳውን መርጨት አላስፈለጋቸውም፤ ያንን ጥግ በእጅ ማረም ይበቃል።

ገብሱ ቢቀር፣ የዘሩት ለመኖ የሚሆን አጃ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር። አጃም ጆሮ የለውም፣ ጥምዙም ወደ ግራ ነው። የሚለያቸው ዘሩ ብቻ ነው፤ የአጃው ገለባ ለስላሳ ነው፣ ያ ክብ ጠባሳም የለውም። ሲናርን የሚገድለው መድኃኒት አጃውንም ስለሚገድል መርጨት አይታሰብም። ደግነቱ ከብት ሲናርን ይበላል። ፍሬው ሳይበስል ሁሉም በአንድነት ይታጨድና ለመኖ ይውላል። ከዘገየ ፍሬው ማሳው ላይ ይረግፋል፣ የቀረውም ከድርቆሹ ጋር ተጭኖ ወደ ገዢው ግቢ፣ ከዚያም በፍግ ወደ ማሳው ይገባል። ድርቆሽ የምትገዙ አንባቢያንም እስሩን ፈታ አድርጋችሁ ያንን ቡናማ ፀጉራም ፍሬ ፈልጉ።