መልሱን እያወቁ ዝም የሚሉ ተማሪዎች

በብዙ የአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳና ከዚያም በላይ ተማሪ ይቀመጣል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የማይረብሽ ልጅ ለመምህሩ እፎይታ ነው። የቤት ሥራውን ይሠራል፣ ፈተናውን ያልፋል፣ በእሱ የሚያማርር ሰው የለም። በቡድን ሥራም አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው መሪው ስለሆነ፣ የቀሩት አፋቸውን ሳይከፍቱ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ይችላል። ዝም ካሉት መካከል በተፈጥሮው ጭምት የሆነና በዝምታው የማይቸገር ልጅ አለ። መልሱን እያወቀ፣ እጁን ማውጣት እየፈለገ፣ የክፍሉ ዓይን ሲያርፍበት የሚደርስበትን በመፍራት ብቻ የሚቀመጥ ልጅም አለ። የሁለተኛው ችግር ማኅበራዊ ጭንቀት ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ሲሆን፣ ዝም ብለው ቢተዉት ከልጁ ጋር አብሮ ሊያድግ ይችላል።

ሁለቱን ለመለየት ሐኪሞች ጥቂት ነገሮችን ያያሉ። ፍርሃቱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይቷል ወይ? በአዋቂዎች ፊት ብቻ ሳይሆን በእኩዮቹም ፊት ይታያል ወይ? ውጤቱን፣ ጓደኝነቱን፣ ትምህርት ቤት መሄዱን እያበላሸበት ነው ወይ? በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያስፈልጋል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ዝም ያለችው ልጅ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እንዴት ናት? አማርኛ ላይ እንደ ልቧ የምትናገር ከሆነ የሚጎድላት ቋንቋ ነው፤ የሚያስፈልጋትም የቋንቋ ልምምድ ነው። አማርኛም ላይ ከተዘጋች ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

እንዲህ ያለችውን ልጅ ሜሮን እንበላት። አንዲት የተወሰነች ልጅ አይደለችም፤ በብዙዎች ላይ የሚታየውን ሰብስቤ የሣልኳት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሜሮን የምትቀመጠው ከኋላ፣ ከረጅም ልጅ ጀርባ ነው። አንቀጽ በየተራ ሲነበብ የሚደርሳትን ቆጥራ በልቧ ስትደጋግም የሌሎቹን ንባብ አትሰማም። ተራዋ ሲቀርብ ሽንት ቤት ለመሄድ ታስፈቅዳለች። የግድ መናገር ካለባት አፏን በእጇ ከለል አድርጋ፣ ዓይኗን ደብተሯ ላይ ተክላ፣ በጥድፊያ ትጨርሳለች። ማታ ደግሞ የተናገረችውን አንዷን ዓረፍተ ነገር አልጋዋ ላይ ሆና ስታገላብጥ ታመሻለች። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚከብዳት፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ድረስ መውረጃዋን አልፋ የምትሄድበት ቀን አለ።

እነዚህ ትንንሽ መሸሸጊያዎች ፍርሃቱን የሚያቆዩት ለምን እንደሆነ ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ የተባሉ እንግሊዛውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1995 (እ.ኤ.አ.) አስረድተዋል። ሜሮን በምትናገርበት ጊዜ ትኩረቷ ወደ ክፍሉ ሳይሆን ወደ ራሷ ይዞራል። የልቧን ምት፣ የፊቷን ትኩሳት፣ የድምፅዋን መንቀጥቀጥ ትከታተላለች፤ ከዚያም የሚሰማትን ሁሉ ሌሎች ያዩት ይመስላታል። በጓደኞቿ ፊት ላይ ያለውን እውነት ግን አታይም። ምንም ክፉ ነገር ሳይደርስባት ስትቀር ደግሞ ያዳናት አፏን መሸፈኗ ወይም መቸኮሏ ይመስላታል። ስለዚህ መቶ ጊዜ ብትናገርም ፍርሃቷ ልክ አለመሆኑን የምትማርበት ዕድል አታገኝም።

ቤት ውስጥ ያለው ነገር የዚሁ ቀጣይ ነው። እናቷ ሱቅ ትሄድላታለች፣ እንግዳ ሲጠይቃት ትመልስላታለች፣ መምህሯ ዘንድ ሄዳ «እባክዎን እሷን አይጠይቋት፣ ትጨነቃለች» ብላለች። አባቷ በአንጻሩ በዘመድ ፊት «አፍ የለሽም እንዴ? ተናገሪ እንጂ!» ይላል። ሁለቱም የሚያደርጉት ከፍቅር ነው። አባት ሲያፋጥጣት የፈራችው ነገር፣ ማለትም በሰው ፊት መዋረድ፣ እቤቷ ውስጥ ይፈጸምባታል። እናት ስታድናት ለጊዜው ይቀላታል፤ ግን በዚያው ቅጽበት ልጅቷ ያለ እናቷ እንደማትችል ትማራለች። በእኔ እምነት በእኛ ቤት ከባዱ ሥራ የእናትየው ነው፤ ምክንያቱም ቁጣ ስህተት መሆኑን ማስረዳት ይቻላል፣ ርኅራኄ ሊጎዳ እንደሚችል ማስረዳት ግን እጅግ ይከብዳል።

አሜሪካ ውስጥ በየል ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኤሊ ሌቦዊትዝ ሕክምናውን በዚህ ላይ መሥርቶታል። ልጁን ሳያገኝ ወላጆችን ብቻ ያሠለጥናል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት፣ ከባድ ጭንቀት ካለባቸው 124 ልጆች መካከል ግማሽ ያህሉ ራሳቸው ሲታከሙ፣ የቀሩት ወላጆቻቸው ብቻ ሠለጠኑ፤ በመጨረሻ የሁለቱ ወገን መሻሻል ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የሥልጠናው አካሄድ ቀላል ነው። ወላጆች ለአንድ ሳምንት ያህል ስለ ልጃቸው ፍርሃት ብለው የሚያደርጉትን ሁሉ ይጽፋሉ። ከዝርዝሩ አንድ ነገር ብቻ ይመርጣሉ። ሁሉም ሰው በተረጋጋበት ሰዓት ለልጁ አስቀድመው ይነግሩታል፤ ከዚያ ያንን ነገር ማድረግ ያቆማሉ።

የሜሮን እናት ለእንግዳ መመለሷን መረጠች እንበል። ለልጇ የምትለው ሁለት ነገር የያዘ ነው፤ ችግሩን መቀበልና በልጇ መተማመን። «የኔ ልጅ፣ ሰው ሲያናግርሽ ምን ያህል እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ልትቋቋሚው እንደምትችይም አምናለሁ። ከእሁድ ጀምሮ እንግዳ ሲጠይቅሽ እኔ አልመልስልሽም።» አንዱ ብቻውን አይሠራም። መረዳቱ ብቻውን ሲሆን ፍርሃቱን ያጸናዋል፤ «ትችያለሽ» ማለትም ብቻውን ግፊት ይሆናል። ልብ በሉ፣ እናትየው ሜሮንን ተናገሪ አላለቻትም፤ የለወጠችው የራሷን ድርጊት ነው። ልጅቷ ዝም ብትል ዝምታው ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለቅሶና ኩርፊያ ሊበዛ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚያፈርሰው አያት ወይም አክስት «ልጅቷን ምን አደረጋችኋት?» ብለው ሲመልሱላት ነው። ስለዚህ ቡና ላይ የሚቀመጡት ሁሉ ቀድመው ሊነገራቸው ይገባል።

አባቷም የራሱ ድርሻ አለው፤ በሰው ፊት ስለ ንግግሯ ምንም አለማለት። ማሞገስም ቢሆን ለብቻዋ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሜሮን ራሷ ከምታምነው ሰው ጋር፣ የትምህርት ቤት አማካሪ ካለ ከእሱ ጋር፣ የምትፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ትደረድራለች። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አሥር የፍርሃት ነጥብ ትሰጣለች። ስም ሲጠራ ጎላ አድርጎ «አቤት» ማለት ሁለት ነው። ሱቅ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት ሦስት። ታክሲ ውስጥ ራሷ «ወራጅ አለ» ማለት አራት። ከክፍለ ጊዜ በኋላ መምህሩን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አምስት። በቡድን ውስጥ መልሷን ጮክ ብላ ማንበብ ስድስት፣ እጇን አውጥታ መመለስ ሰባት። ሰሌዳ ፊት ቆማ ሦስት ደቂቃ ፕረዘንቴሽን ማቅረብ ዘጠኝ። አሥር ላይ የምታስቀምጠው እያወቀች የተሳሳተ መልስ መስጠትን ነው፤ ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፣ መዘለል ግን የለበትም። የሜሮን ዋና ፍርሃት መሳሳት ነውና፣ በትክክለኛ መልስ ብቻ የተገነባ ድፍረት በመጀመሪያው ስህተት ይፈርሳል።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ይደርስብኛል የምትለውን በአንድ መስመር ትጽፋለች፤ «ወራጅ አለ ስል ድምፄ ይሰበራል፣ ሰዎች ዞረው ይስቁብኛል»። በኋላ የሆነውን ትጽፋለች፤ «ረዳቱ አልሰማኝም፣ ደገምኩት፣ ታክሲው ቆመ፤ አንዲት ሴት ብቻ ቀና ብላ አየችኝ»። ዓላማው ፍርሃቱ እዚያው እንዲጠፋ አይደለም። እየተንቀጠቀጠች ብትወርድም የጠበቀችው ውርደት እንዳልመጣ ካየች ትምህርቱ ገብቷል። ይህን ለማየት ዓይኗ ወደ ውጭ መዞር አለበት፤ ስለዚህ ክፍል ውስጥ ስትናገር የፊት ረድፉ ምን እያደረገ እንደነበር አይታ እንድትመጣ ትጠየቃለች። አብዛኛውን ጊዜ ይዛ የምትመጣው መልስ ሰው ሁሉ በራሱ ጉዳይ ተጠምዶ እንደነበር ነው።

ልምምዱ በሳምንት ብዙ ጊዜ መደገም አለበት። በሴሚስተር አንዴ የሚመጣ ፕረዘንቴሽን ልምምድ አይባልም። አንድን ደረጃ ደጋግማ ሠርታ ነጥቡ ፈቀቅ ካላለ የተደበቀ መሸሸጊያ አለ ማለት ነው፤ ምናልባት መልሱን ሃያ ጊዜ ሸምድዳ ወይም ጓደኛዋን አጠገቧ አስቀምጣ ይሆናል። ሁለት ጊዜ እምቢ ካለች ደግሞ ደረጃው ትልቅ ሆኖባታልና ይከፈላል። ከስድስት ወደ ሰባት መውጣት ያልቻለችው ሜሮን፣ መምህሯ ጥያቄውን በዋዜማው እንዲነግራት ተደርጎ ጀመረች እንበል። በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄውን ሳይሆን የሚጠየቅበትን ክፍለ ጊዜ ብቻ ነገራት። በሦስተኛው ምንም አልነገራትም።

ከመምህሩ የሚፈለገው ይህን ያህል ነው፤ አስቀድሞ መንገር፣ ከጠየቀ በኋላ ጥቂት ሰከንድ መታገሥ፣ ስትመልስ እንደማንኛዋም ተማሪ ተቀብሎ ማለፍ። በየክፍሉ የተለመደው «አጨብጭቡላት!» እንደ ሜሮን ላለች ልጅ ሽልማት አይደለም፤ ስልሳ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያያት ማድረግ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ካሪ ማሲያ ዋርነርና ባልደረቦቿ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት፣ የሠለጠኑ የትምህርት ቤት አማካሪዎች እንዲህ ያለውን ሥራ ከሥነ ልቦና ባለሙያዎች ባልተናነሰ ውጤት ሊሠሩት እንደሚችሉ አሳይቷል። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እንደልብ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቤትና ትምህርት ቤት ብቻቸውን የማይበቁበት ጊዜም አለ። ልጅቷ ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመች፣ እንቅልፍና ምግብ ከራቃት፣ ስለ መሞት ካወራች፣ ክፍል ውስጥ የሚያሾፍባት ወይም የሚመታት ሰው ካለ ልምምዱ ይቆማል። ለጉልበተኛው ትምህርት ቤቱ መልስ ይስጥ፤ ለቀሪው አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በክልል በሆስፒታሎች ውስጥ የሚገኙ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች አሉ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ለልጆች ማኅበራዊ ጭንቀት መድኃኒት በዘልማድ እንዳይሰጥ መክሯል። መጀመሪያ የሚሞከረው የንግግርና የልምምድ ሕክምና ነው።

ሜሮን ግንቦት ላይ ሦስት ደቂቃዋን ሰሌዳ ፊት ቆማ ብታቀርብም ሥራው አያበቃም። ክረምቱ ረጅም ነው፤ በሁለት ወር ዝምታ ፍርሃቱ ከፊሉን ቦታ መልሶ ይይዛል። ሱቁና ታክሲው በክረምትም ስላሉ እነሱን አትተውም፤ መስከረም ላይ አዲስ መምህርና አዲስ ክፍል ሲመጣም ከስም ጥሪውና ከመምህሩ ጠረጴዛ ትጀምራለች። እናቷም በመጀመሪያው ሳምንት አዲሱ መምህር ዘንድ ትሄዳለች፤ ይህን ጊዜ ግን የምትጠይቀው ሜሮን ሳትጠየቅ እንዳትታለፍ ነው።